ዐቅሙ የሚለካው በጠባቡ በር ነው፦ የጎብኚ ብዛትና የመሸከም ዐቅም በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት



የዛሬውን ንግግሬን ተማሪዎቼ ደጋግመው በሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ ልጀምር። «ላሊበላ በቀን ስንት ጎብኚ ይችላል?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አንድ ቁጥር ተናግሬ ብወርድ ብዙዎቻችሁ ደስ ይላችኋል። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው፣ እንዲህ ያለው ቁጥር ለብቻው ተነቅሎ ሲቀርብ ምንም እንደማይጠብቅ፣ በአግባቡ ሲሰላ ግን የትኛውን በር፣ የትኛውን ሰዓትና የትኛውን ሥራ ማስተካከል እንዳለብን በግልጽ እንደሚያሳየን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አመጣጥ ጥቂት ልበል። «የመሸከም ዐቅም» የሚለው ሐሳብ የተወለደው በቅርስ ጥበቃ ውስጥ ሳይሆን በግጦሽ መሬት ላይ ነው። አንድ መስክ ሣሩ ሳይመናመን ስንት ከብት ሊያኖር ይችላል የሚለው የአርቢዎች ጥያቄ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች ጎብኚ እጅግ ሲበዛ፣ የደን ባለሙያዎች ይህንኑ ስሌት ከከብት ወደ ሰው አዛወሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 አለን ዋጋር የተባለው ተመራማሪ ጉዳዩን ሲመረምር ግን አንድ እንቅፋት አገኘ። ከብቱ ሣር ብቻ ይፈልጋል፤ ሰው ግን አንዱ ጸጥታን፣ ሌላው ጨዋታን፣ ሌላው ፎቶግራፍን ፈልጎ ይመጣል። ስለዚህ ዐቅሙ ከመሬቱ ባሕርይ ብቻ የሚነበብ አይደለም፤ ቦታውን ለምን ዓላማ ልንጠብቀው እንደፈለግን አስቀድመን መወሰን አለብን። ይህ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም በብዙ ሰነዶቻችን ውስጥ ዓላማው ሳይነገር ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ዓላማውን ሳይወስኑና ሳይለኩ በር መክፈት የሚያስከትለውን ለማየት ለአፍታ ወደ ፈረንሳይ እንሂድ። የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 ተገኘ። በግድግዳው ላይ የበሬ፣ የፈረስና የአጋዘን ሥዕሎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዘመናት ሳይደበዝዙ ኖረዋል። በ1948 ለሕዝብ ሲከፈት፣ ጎብኚ እንደ ልብ እንዲገባ መግቢያው ሰፋ፤ መብራትም ገባለት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባ ነበር። የሰው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ እርጥበትንና ሙቀትን ይዞ ይገባል። በመጀመሪያ ግድግዳው ላብ አወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ዋቅላሚ ታየ፤ ከዚያም ነጭ የኖራ ቅርፊት ሥዕሎቹን ይሸፍን ጀመር። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በ1963 ዋሻውን ዘጋ። ሆኖም መዘጋቱ በሽታውን ሙሉ በሙሉ አላዳነውም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 የሻጋታ ወረርሽኝ ዋሻውን መታው። ሕዝቡ ዛሬ የሚያየው አጠገቡ የተሠራለትን ቅጂ ነው።

ከላስኮ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ምልክቱ ዐይን ላይ ሲደርስ መንሥኤው ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ከጀመረ ቆይቷል። ሁለተኛው፣ መዝጋት የመጨረሻ እርምጃ እንጂ የአያያዝ ስልት አለመሆኑ ነው። ወደ ላሊበላ ስንመለስ ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ይጨመራል። ላስኮ ቅጂ ሊሠራለት ይችላል፤ ላሊበላ ግን ዕለት ዕለት የሚቀደስበት፣ ሕዝብ የሚሳለመው ሕያው የጸሎት ቤት ነው። ለተሳላሚ የቤተ ክርስቲያን ቅጂ ሠርቶ ማቅረብ አይቻልም።

የላሊበላን መልክዐ ምድር ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጽ። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ክፍል የተመደቡ ናቸው። በአንደኛው ወገን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል ይገኛሉ። በሌላው ወገን፣ ከዮርዳኖስ ወዲያ፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ተነጥሎ ይገኛል። ሁሉም ከመሬት ወለል ወደታች የተፈለፈሉ፣ በጠባብ መተላለፊያና በዋሻ የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያየውን ሲጽፍ «አንባቢ አያምነኝም» ብሎ ሰግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አስቀድሜ ማስቀመጥ አለብኝ። የላሊበላ ድንጋይ ዋነኛ ጠላት ጎብኚ አይደለም፤ ውኃ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሆኑ ዝናብ ይጠጣል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት ታላላቅ መጠለያዎች የታሰቡት ዝናቡን ለመከላከል ነበር፤ ኋላ ግን የምሰሶዎቻቸው ክብደትና የነፋሱ ግፊት ራሳቸውን የቻሉ ሥጋት ሆኑ። ከ2020 ወዲህ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ዝናቡ አልቀረም፤ ድንጋዩም እረፍት አላገኘም። ስለዚህ የፍሳሽ ቦዩ ሳይጠረግና ስንጥቁ ሳይደፈን የጎብኚን ቁጥር መቀነስ፣ ቁስሉን ትቶ ጤነኛውን ቦታ እንደ ማሰር ነው።

ታዲያ ጎብኚ ምን ይጎዳል? ደፍንና ደረጃን በእግር ይፈጫል፤ ዐምድንና ግድግዳን በእጅ ይዳስሳል፤ በጠባቡ ቤት ውስጥ አቧራና እርጥበት ይዞ ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጸሎትን ያውካል፤ ሕዝብ በገደሉ ጠርዝ ላይ ሲጨናነቅ ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። እነዚህ ጉዳቶች በዓመቱ ድምር አይገለጹም። የሚገለጹት በአንድ በር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ በተገኘው የሰው ብዛት ነው።

ይህን በስሌት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚጌል ሲፉንቴስ የተባለ ባለሙያ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበትን ባለሦስት ደረጃ ዘዴ አቀረበ። በመጀመሪያ ቦታው ሰውን በስፋቱ ብቻ ስንት እንደሚይዝ ይሰላል። ቀጥሎ ዝናብ፣ የተዘጋ ሰዓት፣ ጠባብ መንገድና የመሳሰሉት እንቅፋቶች ይቀነሳሉ። በመጨረሻ ጠባቂና አስተዳዳሪ በእውነት ሊቆጣጠሩት የሚችሉት መጠን ይወሰናል። አሁን በቤተ ጊዮርጊስ ላይ እንሞክረው። የምጠቀምባቸው አኀዞች ስሌቱን ለማስረዳት የወሰድኳቸው ግምቶች እንጂ የተለኩ አይደሉም፤ ሥራው ሲሠራ ልኬቱ በቦታው መወሰድ አለበት።

መቅደሱና ንዋየ ቅድሳት የተቀመጡበት ቦታ ተቀንሶ ለጎብኚ 50 ካሬ ሜትር ይቀራል እንበል። ለአንድ ሰው 2 ካሬ ሜትር ብንሰጥ፣ በአንድ ጊዜ 25 ሰው ይቆማል። አንድ ቡድን 15 ደቂቃ ቢቆይና ቤቱ በቀን 7 ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ 28 ዙር ይኖረናል፤ 28 ዙር በ25 ሰው 700 ይሆናል። ብዙ ሪፖርቶች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስን የሳለመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወደ ቅጥሩ የሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ መግቢያም መውጫም ነው። የሚወጣው ሳይወጣ የሚገባው አይገባም። በደጁ ላይ ደግሞ ጫማ ይወልቃል፣ ጫማ ይጠለቃል። ይህ ሁሉ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንዱ ዙር 15 ሳይሆን 25 ደቂቃ ይሆናል። በ7 ሰዓት ውስጥ 16 ዙር ብቻ ይገኛል፤ ቁጥሩም ወደ 400 ይወርዳል። ለጸሎትና ለአገልግሎት 2 ሰዓት እንተው፤ 300 ደቂቃ ይቀረናል፤ ያም 12 ዙር ወይም 300 ሰው ነው። በመጨረሻ፣ ውስጥ ያለው ጠባቂ ካህን አንድ ቢሆንና በዐይኑ ሊከታተል የሚችለው 15 ሰው ቢሆን፣ 12 ዙር በ15 ሰው 180 ይሆናል።

ከ700 ተነሥተን 180 ደረስን። በዚህ መካከል ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ቤቱም አልጠበበም። የተለወጠው ስለ አሠራሩ ያለን ዕውቀት ነው። ስሌቱ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ልናነበው እንችላለንና። የጫማ ማስቀመጫውን ከደጁ አርቀን ወደ መተላለፊያው መነሻ ብናዛውረውና ልውውጡን በ5 ደቂቃ ብናሳጥረው፣ 15 ዙር ይገኛል፤ 225 ሰው ያስተናግዳል። በሌላ በኩል አንድ ጠባቂ ብንጨምር፣ በ12 ዙር ወደ 300 እንመለሳለን። ሁለቱንም ብናደርግ 375 ይሆናል፤ ማንም ሰው ሳይጨናነቅ፣ የጸሎቱ ሰዓትም ሳይነካ። እንግዲህ «ላሊበላ ስንት ይችላል?» ከማለት «ማነቆው የት ነው?» ማለት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

በስፔን የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት አስተዳደር የደረሰበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ግቢው ሰፊ ነው፤ አትክልቱና ምሽጉ ብዙ ሰው ይይዛሉ። ጠባቡና ተሰባሪው ክፍል የናስሪድ ነገሥታት አዳራሾች ናቸው። ስለዚህ በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ወደ አዳራሾቹ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ እስከ 300 ሰው ብቻ ይገባል። የቀረው ግቢ በዚያ ሰዓት ዙሪያ ይጎበኛል። በላሊበላም ቲኬቱ ለሁሉም አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለቤተ ጊዮርጊስና ለቤተ ማርያም ብቻ የመግቢያ ሰዓት ቢጻፍበት፣ አስጎብኚዎች ጠዋት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ መጉረፋቸውን ትተው ቡድኖቻቸውን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያከፋፍላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ግንባታ ሳይሆን የአስጎብኚዎች ማኅበርና የደብሩ አስተዳደር በአንድ ሰሌዳ መስማማታቸው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እመጣለሁ። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጎብኚ ነው። ተሳላሚው ግን ሌላ ነው። ለገና፣ ታኅሣሥ 29፣ የቅዱስ ላሊበላም የልደት መታሰቢያ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያና ከሌላውም አገር ለብዙ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል። በዕለቱ በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ከላይ በጠርዙ፣ ከታች በግቢው ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን በዝማሬ ይቀባበላሉ። በዚያች ጠዋት ከላይ በምሳሌ ያሰላነው ቁጥር ሁሉ ይፈርሳል። የዓመቱን ድምር በ365 አካፍሎ «ከዐቅሙ በታች ነን» የሚል ሪፖርት ይህችን ጠዋት አያያትም፤ አደጋው ያለው ግን በእርሷ ላይ ነው።

ተሳላሚውን በቲኬትና በኮታ መገደብ አይቻልም፤ የሚገባም አይመስለኝም። ቦታው የተሠራው ለእርሱ ነው። በጎብኚ ላይ የምንጥለው ገደብ ትርጉም የሚያገኘውም ለተሳላሚው ቦታ ሲለቅ ነው። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን የሚሠራው ቁጥርን መቀነስ ሳይሆን ፍሰትን መምራት ነው። ከቅጥሮቹ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ጊዜያዊ አጥር ማኖር፣ በመተላለፊያዎቹ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣትን በምልክትና በሰው ማስያዝ፣ ሁለት መንገድ በሌለው እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ባለው ቦታ ደግሞ በፈረቃ ማስገባት፣ በበዓሉ ዋዜማና ዕለት ጎብኚዎች የአብያተ ክርስቲያናቱን ውስጥ ለተሳላሚ እንዲለቁ ማድረግ፣ ካሜራ የያዘው ሰው የሚቆምበትን ቦታ ከካህናቱ ሰልፍ ለይቶ መስጠት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ውኃና መጸዳጃ የሚዘጋጀው ሕዝቡ ከሚያድርበት ሜዳ አጠገብ እንጂ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥግ መሆን የለበትም። የላሊበላ ሰው ከጥንት ጀምሮ የደከመውን መንገደኛ እግር በማጠብ ይቀበላል። ይህ የትሕትና ሥርዐት ነው፤ የቦታ አያያዝ ባለሙያ ሆኜ ስመለከተው ግን ሕዝቡ ወደ ጠባቡ ስፍራ ከመድረሱ በፊት ቆም ብሎ የሚያርፍበት የመጀመሪያው መቀበያ ጣቢያም ነው። አዲስ ነገር ከመፍጠራችን በፊት በዚህ ላይ መጨመር ይቀላል።

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ጥያቄውን ገለበጡት። «ስንት ሰው ይግባ?» በማለት ፈንታ «ምን ያህል ለውጥ እንታገሣለን? ከዚያ ካለፈስ ምን እናደርጋለን?» አሉ። ይህ መንገድ ለእኛ ይስማማል፤ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለላሊበላ አራት መለኪያዎች ብቻ ይበቁኛል። አንደኛው ጫማ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ባዶ እግር ስለሚገባ፣ ጫማ ጠባቂው በየሰዓቱ በደጁ ያሉትን ጥንዶች ቢቆጥር ውስጥ ያለው ሰው ብዛት ያለ ምንም ማሽን ይታወቃል። ሁለተኛው በመተላለፊያው አፍ ላይ የሚጠበቅበት ደቂቃ ነው። ሦስተኛው በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነጥብ፣ በአንድ ርቀት የሚነሣ የደፍኖችና የዐምዶች ፎቶግራፍ ነው። አራተኛው በስንጥቅ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን መስታወት ነው፤ ድንጋዩ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል።

ለእያንዳንዱ መለኪያ ገደቡና እርምጃው አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ፦ በደጁ ከ25 ጥንድ በላይ ጫማ ሲታይ ጠባቂው ማስገባት ያቆማል፤ ይህ በሳምንት ሦስት ቀን ከተደጋገመ የሰዓት ሰሌዳው ይሻሻላል፤ መስታወት ከተሰበረ መሐንዲስ እስኪመጣ ያ ክፍል ይከለላል። ገደቡ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ችግሩ በደረሰ ዕለት ክርክሩ የሚሆነው ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ገቢው ስለሚቀርበት ሰው ነው።

ገቢ ካልኩ አይቀር፣ ዐቅም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ገደብ እንዳለው ልጨምር። ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ጫማ ጠባቂው፣ መስቀል ቀራጩ ምን እንደ ደረሰባቸው የከተማዋ ሰው ያውቀዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ብዙ ነዋሪዎች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከዚህ ጥበቃ የሚገኘው ጥቅም ለእነርሱ ካልደረሰ፣ በር ላይ የምንጽፈውን ገደብ ማን ያስከብረዋል? ጫማ የሚቆጥረው ያው ጫማ ጠባቂ ነው። ለቆጠራው ደሞዝ ሊከፈለው ይገባል፤ የሚቆጥረው አኀዝም ተመልሶ ለእርሱና ለካህናቱ ሊነገራቸው ይገባል።

ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ ይህ ነው። ጎብኚ ገና ሙሉ በሙሉ ባልተመለሰበት በዚህ ጊዜ፣ ደፍኑም ሰልፉም ስንጥቁም የሚለካበት መነሻ ዛሬ ሊመዘገብ ይችላል። ላስኮን የጎዳው የጎብኚ መብዛት ብቻ አልነበረም፤ በሩ በተከፈተበት ዕለት የአየሩን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀመጠ ሰው አለመኖሩም ነው። መጨናነቁ ከተመለሰ በኋላ የሚወሰድ ልኬት ከምን ጋር ይነጻጸራል? ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ፣ ስለ ቱሪዝም ጠቀሜታ በጥቅሉ ከመጻፍ አንድ በር ምረጡ፤ አንድ ሳምንት በደጁ ቁሙ፤ ጫማ ቁጠሩ፤ ደቂቃ መዝግቡ። ያ መዝገብ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው መሐንዲስና ለደብሩ አስተዳዳሪ የሚያገለግል ሰነድ ይሆናል።